ውሃው ወደ ጠባቡ ብርጭቆ ሲገባ፦ ስለ ልጆች የማሰብ ደረጃዎች ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ልጄ 6 ዓመት ከ3 ወር ሆኗታል። በመምህራን ሥልጠና ላይ የሰማሁትን የብርጭቆ ሙከራ ቤት ውስጥ ሞከርኩባት። በሁለት ብርጭቆ እኩል ውሃ ካሳየኋት በኋላ አንዱን ወደ ረጅምና ጠባብ ብርጭቆ ገለበጥኩና ‹የትኛው ይበልጣል?› ስላት ረጅሙን አሳየችኝ። የባልደረባዬ ልጅ ግን ገና 5 ዓመት ተኩሉ ሆኖ በትክክል መለሰ። የሚገርመው ደግሞ እሷው ራሷ በሳንቲም ስጠይቃት አልተሳሳተችም። ልጄ ወደ ኋላ ቀርታ ነው? ወይስ ደረጃ የሚባለው ነገር ራሱ ትክክል አይደለም?»

ምላሽ፦

ውድ ጠያቂ፣ ከጻፉት ውስጥ ልጅዎ ወደ ኋላ መቅረቷን የሚያመለክት አንድም ነገር አላገኘሁም። በ6 ዓመት ከ3 ወር በውሃው ሙከራ መሳሳት እጅግ የተለመደ ነው፤ በ5 ዓመት ተኩል በትክክል መመለስም ያልተለመደ አይደለም። ከሁሉ ይልቅ ትኩረቴን የሳበው መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ የጠቀሱት የሳንቲሙ ነገር ነው። አንድ ልጅ በአንድ ሳምንት ውስጥ በሳንቲም «አዋቂ»፣ በውሃ ደግሞ «ገና» ሆኖ መገኘቱ ስለ ደረጃዎች ለተነሣው ክርክር ዋናው መግቢያ በር ስለሆነ፣ ምላሼን በዚሁ በእርስዎ ብርጭቆ ዙሪያ አደርገዋለሁ።

ሙከራውን የቀመረው የስዊዘርላንዱ ዣን ፒያጄ ነው። ፒያጄ በ1896 ኑሻቴል ከተማ ተወልዶ ከሥነ ሕይወት ጥናት ወደ ልጆች አስተሳሰብ የመጣ ሰው ነበር። በ1920 አካባቢ ፓሪስ ውስጥ ለልጆች የአእምሮ ፈተና ሲያዘጋጅ፣ ልጆች በትክክል ከመለሱት ይልቅ የተሳሳቱት ይማርከው ጀመር፤ ምክንያቱም ዕድሜያቸው የተቀራረበ ልጆች የሚሳሳቱት በዘፈቀደ ሳይሆን በተመሳሳይ መንገድ ነበር። ከዚያ በመነሣት የማሰብ ዕድገትን በአራት ደረጃዎች ከፈለው፦ እስከ 2 ዓመት ገደማ በስሜት ሕዋሳትና በእንቅስቃሴ ዓለምን የማወቅ ደረጃ፣ ከ2 እስከ 7 ዓመት ገደማ ቅድመ ክዋኔ፣ ከ7 እስከ 11 ወይም 12 ገደማ ተጨባጭ ክዋኔ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ረቂቅ ክዋኔ። «ክዋኔ» የሚለው ቃል ግራ እንዳያጋባዎ፤ ፒያጄ ሊለው የፈለገው በሐሳብ የሚሠራንና በሐሳብ ሊመለስ የሚችልን ድርጊት ነው። ውሃውን በሐሳብ ወደ ቀድሞው ብርጭቆ መልሶ መገልበጥ አንዱ ክዋኔ ነው።

የብርጭቆው ሙከራ የሚለካው ልጁ ቁመናው የተለወጠ ነገር መጠኑ እንዳልተለወጠ መረዳት አለመረዳቱን ነው፤ ይህንን የመጠን ጽናት እንለዋለን። ጽናቱን ያልጨበጠ ልጅ የውሃውን ከፍታ ብቻ ያያል፣ የብርጭቆውን ጥበት ከከፍታው ጋር አያያይዘውም። ፒያጄ ግን ከመልሱ ይልቅ ምክንያቱን ይፈልግ ነበር። «እኩል ነው» ያለ ልጅ «ለምን?» ሲባል «ያው ውሃ ነው፣ ምንም አልጨመርሽም» ቢል፣ ወይም «ብትመልሺው ያው ይሆናል» ቢል፣ ወይም «ይሄኛው ረጅም ነው፣ ግን ቀጭን ነው» ቢል ያን ጊዜ እውነተኛ መረዳት እንዳለ ይቆጥር ነበር። እርስዎ ልጅዎን «ለምን?» ብለው ስለመጠየቅዎ አልጻፉም። የባልደረባዎ ልጅም ምን ምክንያት እንደ ሰጠ አልገለጹም፤ ከሁለት ወይም ከሦስት አማራጭ በአንዱ በዕድል ማረፍ ስለሚቻል፣ ያለ ምክንያት የተነገረ መልስ ሁለቱን ልጆች ለማወዳደር አይበቃም።

እዚህ ላይ ፒያጄ ያለውን በሁለት ከፍለን ማየት ይገባናል። አንደኛው አባባል ልጆች ይህንን ስሕተት በመደበኛነት ይሠራሉ፣ ከዕድሜ ጋርም ይተዉታል የሚል ነው። ይህ በብዙ አገር ተደጋግሞ ታይቷል፤ እርስዎም በገዛ ቤትዎ አይተውታል። ሁለተኛው አባባል ከዚህ በጣም የሚከብድ ነው፦ በአንድ ደረጃ ያለ ልጅ አስተሳሰቡ በሙሉ በአንድ መዋቅር የታነጸ ስለሆነ፣ ያ መዋቅር ሲለወጥ በሁሉም ነገር ላይ ያለው አስተሳሰብ አብሮ ይለወጣል የሚል። በሥልጠና ላይ «ከ7 ዓመት በፊት ልጆች ይህን አይችሉም» ተብሎ የሚነገረው ከዚህ ከሁለተኛው የተቀዳ ነው። ትችቱም በአብዛኛው የሚያርፈው በዚሁ ላይ ነው።

ሳንቲሙን ይውሰዱ። ሁለት ረድፍ ሳንቲም ትይዩ ተደርድሮ፣ አንዱ ረድፍ በርቀት ሲዘረጋ ቁጥሩ እንዳልተለወጠ መረዳት፣ በአመክንዮው ከውሃው ጋር አንድ ነው፤ በሁለቱም ምንም አልተጨመረም፣ ምንም አልተቀነሰም። ሆኖም ልጆች የቁጥርን ጽናት አብዛኛውን ጊዜ በ6 ዓመት ገደማ፣ የፈሳሽንና የጭቃን መጠን በ7 ወይም በ8፣ የክብደትን በ9 ወይም በ10፣ ጭቃው ውሃ ውስጥ ሲገባ የሚይዘውን ቦታ ደግሞ በ11 ወይም በ12 ይጨብጡታል። ፒያጄ ራሱ ይህንን መዘግየት በሚገባ ያውቀው ነበር፤ ስምም ሰጥቶታል። ነገር ግን ስም መስጠት ማብራራት አይደለም። አንድ ወጥ መዋቅር አለ ከተባለ በሳንቲም ላይ የሠራው በውሃ ላይ እስከ ሁለት ዓመት፣ በክብደት ላይ ደግሞ እስከ አራት ዓመት ለምን እንደሚቆይ መዋቅሩ መልስ አይሰጥም። እኔ የደረጃን ሐሳብ ከሁሉ ይበልጥ የሚያዳክመው ይህ ይመስለኛል፤ ከተቃዋሚዎቹ ሙከራ ሳይሆን ከራሱ ከፒያጄ መዝገብ የወጣ ነውና።

ቀጥሎ የሚነሣው ጥያቄ፣ ሙከራው የሚለካው የልጁን መረዳት ነው ወይስ ከአዋቂ ጋር የሚያደርገውን ንግግር የሚል ነው። በተለመደው አሠራር ልጁ አንድ ዓይነት ጥያቄ ሁለት ጊዜ ይጠየቃል፤ ውሃው ከመገልበጡ በፊት «እኩል ነው?» ይባላል፣ ከተገለበጠ በኋላም ያው ጥያቄ ይደገምለታል። በእኛ ቤት አንድ ትልቅ ሰው አንድን ጥያቄ ለልጅ ሲደግምለት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት፤ ልጁ የሚረዳው «የመጀመሪያው መልሴ ልክ አልነበረም ማለት ነው» ብሎ ነው። ሱዛን ሮዝና ማሪዮን ብላንክ በ1974 የመጀመሪያውን ጥያቄ አስቀርተው የ6 ዓመት ልጆችን ከለውጡ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ሲጠይቁ ስሕተቱ ቀነሰ። በ1984 ደግሞ ጁዲት ሳሙኤልና ፒተር ብራያንት ከ5 እስከ 8 ዓመት በሆኑ 252 ልጆች ላይ ይህንኑ ፈትሸው ውጤቱን አረጋገጡ። ሆኖም በዚያው ጥናት ውስጥ ሌላም እውነት አለ፦ ጥያቄው አንድ ጊዜ ብቻ ሲቀርብም ትልልቆቹ ልጆች ከትንንሾቹ በግልጽ ይበልጡ ነበር። የአጠያየቁ ጉድለት ሲወገድ የዕድሜው ልዩነት አብሮ አልጠፋም። ትችቱን የሚያራግቡ ብዙ ሰዎች ይህንን ሁለተኛ ግማሽ ይዘሉታል።

በአማርኛ ስንጠይቅ ደግሞ ሌላ እንቅፋት ይጨመራል፤ ይህ ከራሴ የሥራ ልምድ የማውቀው ነው። «የትኛው ይበልጣል?» ብለዋታል። «መብለጥ» በእኛ አፍ ለብዛት ብቻ አይነገርም፤ «ወንድሟ በዕድሜ ይበልጣታል»፣ «በቁመት ትበልጠዋለች» እንላለን። ልጅዎ ከዚያ ሁሉ ለብርጭቆ የሚቀርበውን ቁመትን መርጣ ከሆነ፣ የመለሰችው እርስዎ ላልጠየቋት ጥያቄ በትክክል ነው። ስለዚህ እኔ ለልጆች የማቀርበው እንዲህ አድርጌ ነው፦ «ይሄ ያንቺ፣ ይሄ የእኔ ነው እንበል። ሁለታችንም ጠጥተን ብንጨርስ አንዳችን ብዙ ውሃ እንጠጣለን ወይስ እኩል እንጠጣለን?» ቃሉን ብቻ በመለወጥ መልሳቸው የሚለወጥ ልጆች አጋጥመውኛል፤ የማይለወጥም አሉ። የማይለወጡት ናቸው ስለ መጠን አንድ ነገር የሚነግሩን።

የአዋቂው ድርጊት ራሱም ይናገራል። ጄምስ ማክጋሪግልና ማርጋሬት ዶናልድሰን በ1974 ባወጡት ጥናት ከ4 እስከ 6 ዓመት ላሉ ልጆች ሁለት እኩል ረድፍ የመቁጠሪያ ፍሬዎች አስቀመጡ፤ ረድፉን የሚያዛባው ግን ጠያቂው ሳይሆን ከሳጥኑ ሾልኮ የሚወጣ አስቸጋሪ የድብ አሻንጉሊት ነበር። ልጆቹ ድቡን ወደ ሳጥኑ መልሰው ሲጠየቁ ብዙዎቹ ቁጥሩ እኩል እንደሆነ ተናገሩ፤ አዋቂው ሆን ብሎ ሲያዛባው ግን እነዚያው ልጆች በብዛት ተሳሳቱ። ይህ ሲታወቅ የፒያጄ ነገር ያበቃለት የመሰላቸው ነበሩ። ነገር ግን በ1986 ክሪስ ሙርና ዳግላስ ፍራይ አንድ ቀላል ጥያቄ አነሡ፦ ድቡ በእርግጥ አንድ ፍሬ ቢጨምርስ? እንዲህ ሲደረግ በድቡ ረብሻ የተጠመዱት ልጆች መጨመሩንም በሚገባ አላስተዋሉም። ስለዚህ ከድቡ ጋር ከተሰጡት ትክክለኛ መልሶች የተወሰኑት የመረዳት ሳይሆን ለውጡን ልብ ያለማለት ውጤት ነበሩ ማለት ነው። ከባድ የሆነ ፈተና የልጁን ችሎታ ሊሸፍን እንደሚችል ሁሉ፣ የቀለለ ፈተናም የሌለ ችሎታ ሊያሳይ ይችላል፤ ማንኛውንም «ልጆች ከታሰበው ቀድመው ይችላሉ» የሚል ዜና የማነበው ይህንን ይዤ ነው።

በሕፃናት ላይ ያለውም ክርክር ይህንኑ መልክ ይዟል። ፒያጄ ሕፃን ከ8 ወር ገደማ በፊት የተደበቀን ነገር እንደማይፈልግ አይቶ፣ ነገሩ ከዓይኑ ሲጠፋ ከሐሳቡም ይጠፋል አለ። ሬኔ ባያርዦን በ1987 ሕፃኑ እጁን እንዲዘረጋ ሳትጠይቅ ዓይኑን ብቻ ለካች፤ ወደ 4 ወር የሚጠጉ ሕፃናት፣ ከጀርባው ሳጥን ያለ ሰሌዳ ሳጥኑ እንደሌለ ሆኖ ወደ ኋላ ሲወድቅ ረዘም አድርገው ተመለከቱ። ረዝሞ መመልከት ማወቅ ነው ወይስ አዲስነት የሳበው ዓይን ነው የሚለው ግን አሁንም ባለሙያዎችን ያከራክራል።

ከባህል አንጻር የቀረበውን ደግሞ በሁለት ምሳሌ ላሳይ። ፓትሪሺያ ግሪንፊልድ በ1966 ባሳተመችው ጥናት በሴኔጋል የወሎፍ ልጆችን የውሃውን ሙከራ ጠየቀቻቸው። ትምህርት ቤት ያልገቡት ብዙዎቹ ውሃው የተለወጠው ጠያቂዋ ስላፈሰሰችው እንደሆነ ያስቡ ነበር፤ የእንግዳዋ እጅ የተለየ ኃይል ያለው መስሎ ታይቷቸዋል። ልጆቹ ራሳቸው እንዲያፈሱት ሲደረግ ግን እኩል ነው የሚሉት በጣም በረከቱ። በ1969 በሜክሲኮ የተደረገ ጥናት ደግሞ ከ6 እስከ 9 ዓመት ያሉ የሸክላ ሠሪ ቤተሰብ ልጆች በጭቃው ሙከራ ከሌሎች እኩዮቻቸው እንደሚልቁ አሳየ። ጭቃ ሲጠቀለልና ሲሳብ መጠኑ እንደማይለወጥ እጃቸው ያውቀዋል። ሁለቱን ጥናቶች አንድ ላይ ሳነብ፣ ልጁ የሚገኝበት «ደረጃ» ከዕድሜው እኩል በያዘው ቁስና በሠራበት ጊዜ ላይ የሚደገፍ መሆኑ ይታየኛል። ሳንቲም የምትቆጥር፣ ሱቅ የምትላክ ልጅ በሳንቲም ብትቀድም የሚያስደንቅ አይደለም።

ልጅ ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው እንደ ደረጃ መወጣጫ በአንድ እርምጃ የሚወጣ አለመሆኑን ደግሞ ከሁሉ በተሻለ ያሳየው ሮበርት ሲግለር ነው። ሲግለር ልጆችን በዓመት አንድ ጊዜ ሳይሆን በተከታታይ ብዙ ጊዜ ይጠይቃል። በ1995 ባወጣው ሥራ የ5 ዓመት ልጆችን የቁጥር ጽናት በተደጋጋሚ ሲፈትን፣ አንድ ልጅ በአንድ ቀን አንዱን ጥያቄ በረድፉ ርዝመት፣ ሌላውን በመቁጠር፣ ሌላውን ደግሞ «ምንም አልጨመርክም» ብሎ ይመልስ ነበር። ከሁሉ የተሻሻሉት ልክ ነህ ወይም ተሳስተሃል ብቻ የተባሉት ሳይሆኑ፣ ትክክለኛው መልስ ከተነገራቸው በኋላ «እኔ ይህንን እንዴት ያወቅሁ ይመስልሃል?» ተብለው የጠያቂውን ምክንያት እንዲያብራሩ የተደረጉት ነበሩ። አዲሱ አስተሳሰብ አሮጌውን በአንድ ሌሊት አያባርረውም፤ ለወራት ጎን ለጎን ይኖራሉ፣ የአንዱ ድርሻ እያደገ የሌላው እያነሰ ይሄዳል።

እኔም ይህንን በቅርብ ያየሁት በአንድ የ6 ዓመት ልጅ ላይ ነው። መጀመሪያ በውሃው ላይ «ረጅሙ ብዙ ነው» አለኝ። በቀጣዩ ሳምንት ያንኑ ጥያቄ ሳቀርብለት ጣቱን ረጅሙ ብርጭቆ ላይ አሳርፎ «ይሄ...» አለና ቆመ፤ እጁ ወደ ረጅሙ እያመለከተ አፉ «ግን ቀጭን ነው» አለ። ሱዛን ጎልዲን ሜዶውና ባልደረቦቿ በሥራዎቻቸው ያሳዩት፣ እጅና አፍ የተለያየ ነገር የሚናገሩበት ልጅ ለመማር ቅርብ መሆኑን ስለሆነ፣ ዝም ብዬ ጠበቅሁት። መልሱን በዚያ ቀን አልወሰነም። በሦስተኛው ጊዜ ራሱ ውሃውን ወደ ቀድሞው ብርጭቆ መልሶ አፍስሶ አየና «ያው ነው» አለ፤ በዚያው ቀን ግን ጭቃውን ጠቅልዬ ሳስረዝመው «አሁን በዛ» አለኝ። ይህን ልጅ በየትኛው ደረጃ ልጻፈው? አንዱን መርጬ ብጽፍ የማየውን ግማሽ መደበቅ ይሆንብኛል።

ታዲያ ከደረጃዎቹ ምን ይቀራል? በአንድ ዘርፍ ውስጥ ያለው ቅደም ተከተል በአመዛኙ ጸንቶ ቆይቷል፤ የክብደትን ጽናት ጨብጦ የቁጥርን ያልጨበጠ ልጅ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ስሕተቱ ሥርዓት እንዳለው፣ ልጅም ባዶ ዕቃ ሳይሆን የራሱ ምክንያት ያለው አሳቢ መሆኑም ጸንቷል፤ ይህንን ከፒያጄ በላይ ያስተማረን የለም። የዕድሜ ድንበሮቹ ግን አማካይ ግምት እንጂ አጥር አይደሉም፤ ፒያጄም ራሱ ዕድሜው ከቦታ ቦታ እንደሚለያይ ተናግሯል። ያልጸናው አንድ ልጅ በአንድ ጊዜ በሁሉም ነገር በአንድ ደረጃ ላይ ይገኛል የሚለው ነው።

ሙከራውን ሊደግሙት ቢፈልጉ ጥቂት ቀን ያቆዩት፤ በዚያው ቀን መድገም «ተሳስተሻል» እንደ ማለት ነው። ውሃውን እሷ ራሷ ትገልብጠው፤ ጥያቄውን ከተገለበጠ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቅድም በጻፍኩት የመጠጣት አነጋገር ያቅርቡላት፤ ልክም ብትሆን ብትሳሳትም በተመሳሳይ ድምፅ «እንዴት አወቅሽ?» ይበሏት። በሌላ ቀን በእርግጥ ትንሽ ውሃ ጨምረው ይጠይቋት፤ ያኔም «እኩል ነው» ካለች የመጀመሪያው ትክክለኛ መልስ ከልማድ የመጣ ሊሆን ይችላል። የሰጠችውን ምክንያት በራሷ ቃል ይጻፉት፤ ከ«ልክ» እና «ስሕተት» ይልቅ ያ ነው የሚጠቅምዎት።

ይህ ሙከራ የዕድገት መዘግየትን ለመለየት የተሠራ አይደለም፤ ለዚያም አይበቃም። ባለሙያ እንዲያያት የምመክረው ሌላ ነገር ቢያዩ ነው፦ ሁለት ነገር በተከታታይ እንድታደርግ ሲነግሯት የማትከተል ከሆነ፣ «ብዙ»ና «ትንሽ» በዕለት ንግግሯ የሚምታታባት ከሆነ፣ የምትሰማ የማይመስል ወይም ቀድሞ የምትችለውን የምትተው ከሆነ። ወይም ደግሞ ዕድሜዋ 9 ዓመት አልፎ በሳንቲምም፣ በውሃም፣ በጭቃም፣ ራሷ መልሳ ካፈሰሰች በኋላም ጭምር ሁልጊዜ በቁመቱ ብቻ የምትፈርድ ከሆነ። የእርስዎ ልጅ በሳንቲም ላይ ቁጥሩ እንዳልተለወጠ ነግራዎታለች፤ እንግዲህ በሚቀጥለው ጊዜ ሳንቲሙን ካስቀደሙ በኋላ ወደ ውሃው ሲሄዱ «እንደ ሳንቲሙ ነው ወይስ ይለያል?» ብለው ይጠይቋትና የምትለውን ይስሙ።